ሽፈራው በሰሜን ሸዋ ቆላ፤ ከዘር እስከ ደረቅ ቅጠል

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ አገር ወደ ማንጎ አገር ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ትወርዳለች። ሽፈራው የሚበቅለው በታችኛው በኩል ነው። ስለዚህ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት መሬታችሁ የት እንደሆነ እዩ።

በሰሜን ሸዋ ለሽፈራው የሚሆኑት የቀወት፣ የኤፍራታና ግድም እና የአንጾኪያ ቆላማ ቀበሌዎች፣ የጀማ ሸለቆ ግርጌዎች፣ የምንጃር ዝቅተኛው ክፍል ናቸው። ማሽላና ማሾ በደንብ የሚያፈራበት፣ ማንጎና ፓፓያ በጓሮ የሚታይበት ቦታ ለሽፈራውም ይሆናል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ዛፉ ባይሞት እንኳ አያድግም፤ ለቅጠል ብሎ መትከሉ ድካም ብቻ ይሆናል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኖር ሰው የምንመክረው ቆላ ካለ ዘመድ ወይም ገበሬ ደረቁን ቅጠል ማግኘትን ነው። እንዴት በአግባቡ እንደሚደርቅ ከታች ስለተጻፈ የሚገዛው ሰውም ጥሩውን ከመጥፎው ይለይበታል።

ከቦታው ቀጥሎ አፈሩ ነው። ሽፈራው ድርቅን ይችላል፣ የቆመ ውሃን ግን አይችልም። ሥሩ ወፍራምና ውሃ የሚያጠራቅም ስለሆነ በረግረግ ውስጥ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መረሬ ተዉት። ሌላ መሬት ከሌላችሁ ክንድ የሚሞላ ከፍታ ያለው መደብ ሠርታችሁ በላዩ ላይ ትከሉ፤ በግራና በቀኝ ውሃ የሚወስድ ቦይ ይኑረው። በጣም ጥሩው አሸዋ የተቀላቀለበት ቀላ ያለ ወይም ወንዝ ያመጣው ደለል አፈር ነው።

የቱን ሽፈራው?

በአገራችን ሽፈራው ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ዛፍ ነው። አንደኛው በደቡብ፣ በኮንሶና በጋሞ አገር ከጥንት ጀምሮ እንደ ጎመን የሚበላው፣ አለኮ የሚባለው ነው። ሁለተኛው መነሻው ሕንድ የሆነ፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ነው። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ግን ዘሩን አይታችሁ መለየት ትችላላችሁ። የሕንዱ ዘር አተር የሚያክል፣ ክብ፣ ጥቁር ቡናማ ሲሆን በሦስት ጎኑ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነጣ ያለ ክንፍ አለው። የአለኮ ዘር ረዘም ያለ፣ ክሬም መልክ ያለውና ከነክንፉ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። ቅጠላቸውም ይለያል፤ የሕንዱ ቅጠል ጥቃቅንና ክብ ነው፣ የአለኮው ሰፋና ሞላላ ይላል።

የሕንዱ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ያብባል፣ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ በፍጥነት ይበስላል፤ በፍጥነትም ይደርቃል። አለኮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘገምተኛ ነው፤ በኋላ ግን ግንዱ ወፍሮ ረጅሙን በጋ የሚችል ትልቅ ዛፍ ይሆናል። የመስኖ ውሃ ያለው፣ በዓመት ውስጥ ቅጠል ማጨድ የሚፈልግ የሕንዱን ይትከል። ውሃ የሌለው፣ ለልጅ የሚቆይ ዛፍ የሚፈልግ አለኮን ይምረጥ። የአለኮ ቅጠል መራራነት ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ስለዚህ ዘር ወይም ቁራጭ ከጎረቤት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ የእናቲቱን ዛፍ ቅጠል ቅመሱ፤ የሚመርረውን ዛፍ አባዝታችሁ ዕድሜ ልካችሁን እንዳትበሉ።

ዘሩን መምረጥና መዝራት

የሽፈራው ዘር ቅባት አለው፤ ስለዚህ ሲያረጅ ይጎመዝዛል፣ አይበቅልም። ከተለቀመ ዓመት ያልሞላውን ፈልጉ። ብዙ ሰው ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሮ የሚንሳፈፈውን ይጥላል፤ ለሽፈራው ይህ አይሠራም። ልጣጩ አየር ስለሚይዝ ጥሩውም ዘር ይንሳፈፋል። ይልቁንስ ከገዛችሁት ውስጥ አምስት ፍሬ ወስዳችሁ በጥርስ ወይም በቢላ ስበሩ። ውስጡ ነጭ፣ ሙሉና ጥብቅ ከሆነ ሕያው ነው። ቢጫ፣ የተጨማደደ ወይም የጎመዘዘ ሽታ ካለው አይበቅልም። ከአምስቱ ሦስቱ መጥፎ ከሆኑ ያንን ዘር መልሱ።

ለአንድ ቤተሰብ ቅጠል ሃያ ተክል ከበቂ በላይ ነው፤ ስለዚህ የሃያ ተክል ምሳሌ ይዘን እንቀጥል። ሁሉም ስለማይጸድቅ ሃያ አምስት የችግኝ ፕላስቲክ አዘጋጁ፤ ቁመቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ግርጌው ቀዳዳ ያለው ይሁን። ከዚያ ያነሰ ፕላስቲክ ወደታች የሚወርደውን ዋና ሥር ያጥፈዋል፤ ሥሩ የታጠፈበት ዛፍ ደግሞ በኋላ በነፋስ ይወድቃል። አፈሩ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ካለ ግማሽ እጅ ጨምሩበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል።

የመዝሪያው ጊዜ ከሐምሌ ዝናብ ወደኋላ ተቆጥሮ ይወሰናል። ችግኙ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቁመቱ ጉልበት አካባቢ ደርሶ እንዲተከል የሕንዱን በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ዘገምተኛውን አለኮ ደግሞ ከአንድ ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት መዝራት ነው። በመስኖ የሚያለማ ሰው ከብርዱ ወራት ውጭ በፈለገው ጊዜ ሊዘራ ይችላል። በታኅሣሥና በጥር ግን በቆላውም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ዘሩ አፈር ውስጥ ቆይቶ ይበሰብሳል።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ዘሩን ከማታ እስከ ማታ፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉ፤ ከዚያ በላይ ካደረ ይሻግታል። ፕላስቲኩን ከዋዜማው አጠጡት። በየፕላስቲኩ ሁለት ሁለት ፍሬ በሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ ይህ እስከ ጣት የመጀመሪያ አንጓ የማይደርስ ነው። ጠለቅ ካለ ቡቃያው ሳይወጣ ይደክማል። በላዩ ስስ ሳር ጎዝጉዙና በጭራሮና በሳር ዳስ ግማሽ ጥላ ስጡት። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ አይሁን፤ በቆላ ሙቀት በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ በቀዳዳ ጣሳ ማጠጣት ይበቃዋል።

የሕንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፤ አለኮ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ምንም ካልታየ አንዱን ቆፍራችሁ እዩ። ዘሩ ለስልሶ ከሸተተ ውሃው በዝቶ ነበር። ዘሩ ከጠፋና ልጣጩ ብቻ ከቀረ አይጥ ወይም ጉንዳን ወስዶታል። ሁለቱም ከበቀሉ ቁመታቸው አንድ ጣት ሲሆን ደካማውን በመቀስ ከግርጌው ቁረጡት፤ ብትነቅሉት የጓደኛውን ሥር ይዞ ይወጣል። ሳሩንና ዳሱን ከበቀሉ በኋላ ቀስ በቀስ አንሱ። ጥላ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖ ይረዝማል፤ ሜዳ ላይ ሲወጣም ፀሐይ ይመታዋል።

ቡቃያው ባለበት ጊዜ ከአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ ሌሊት የሚወጣ ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት በፕላስቲኩ አፈር ውስጥ ጣታችሁን ብታስገቡ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ግርጌው ቀጥኖ ውሃ ያዘለ መስሎ ከወደቀ ግን ትል ሳይሆን ብስባሴ ነው፤ ውሃ ቀንሱ፣ ዳሱን ክፈቱ።

ወደ መሬት ማዛወር

ጉድጓዱን ከዝናቡ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቆፍሩ፤ ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ክንድ ይሁን። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ከአንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ እሱን መልሱ። ለቅጠል ብቻ የሚተከል ከሆነ በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር በቂ ነው፤ ሃያዋ ተክል በጓሮ አጥር ጥግ ሃያ ሜትር ትይዛለች ማለት ነው። ለትልቅ ዛፍ የምትተውት አለኮ ግን ሦስት ሜትር ይፈልጋል።

ዝናቡ መሬቱን አንድ ክንድ ካራሰ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ደመናማ ቀን ላይ ትከሉ። ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎኑ ሰንጥቃችሁ አውጡት፤ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ሥር ወደ መሬት አይገባም። የአፈሩ እብጠት ሳይፈርስ አስገቡ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እስከነበረበት መጠን ብቻ ቅበሩ፣ በእግር ቀለል አድርጋችሁ ርገጡ። ግንዱ ሥር ጎድጓዳ አትተዉ፤ በክረምት አፈሩ ጉብ ብሎ ውሃው ወደ ውጭ ይውረድ። በመስከረም ዝናቡ ሲያቆም ያን ጊዜ ዙሪያውን ጎድጓዳ ሠርታችሁ በመጀመሪያው በጋ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ጊዜ አምስት ሊትር ያህል ስጡት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያለ ውሃ ይቆማል፤ ውሃ ካገኘ ግን በበጋም ቅጠል ይሰጣል።

አጥሩን ከመትከላችሁ በፊት ጨርሱ። ፍየልም ግመልም ሽፈራውን ከሌላ ተክል መርጠው ይበሉታል፣ አንድ ቀን ያመለጠች ፍየል የሁለት ወር ችግኝ ሁሉ ትጨርሳለች። የግራር እሾህ ሁለት ዓመት ያህል በደንብ ይጠብቃል። ከምስጥ አንጻር ደግሞ የደረቀ ሳርና ጭራሮ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር አርቁ። በቀወት ቆላ ሽንኩርት የሚለማበት ማሳ ዳር ላይ አትትከሉ፤ የሽንኩርት ተባይ ማጥፊያ በነፋስ ተነድቶ በምትበሉት ቅጠል ላይ ያርፋል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ግን ከሁሉ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በቁራጭ መትከል

ቁራጭ ፈጣን ነው፤ የቀመሳችሁትን ጥሩ ዛፍ ራሱን ታገኛላችሁ። ጉዳቱ ወደታች የሚወርድ ዋና ሥር አለማውጣቱ ነው። ሥሩ ጎን ለጎን ስለሚሄድ በነፋስ ይወድቃል፣ በጋውንም በራሱ አይችልም። ስለዚህ መስኖ ለሌለው ሰው ዘርን እንመርጣለን። ቦይ አጠገብ ለሚተክል ሰው ግን ቁራጭም ይሆናል።

ጊዜው ዛፉ ቅጠሉን ያራገፈበት፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ያለው የካቲት ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሞላው ዛፍ ላይ ቅርፊቱ ግራጫ የሆነ ቅርንጫፍ ምረጡ፤ አረንጓዴው ለጋ ቅርንጫፍ ይበሰብሳል። ውፍረቱ የሰው አውራ ጣት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ይሁን። በሹል መጋዝ የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ እንዲህ ከሆነ የትኛው ወገን ወደታች እንደሆነ አይጠፋችሁም። ከዚያ ለሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አጋድሙት። ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ውስጥ የገባ ቁራጭ ከታች ይበሰብሳል።

ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛውን፣ ወደ 35 ሳንቲ ሜትር፣ አሸዋ በተቀላቀለ አፈር ውስጥ ቅበሩና አጥብቃችሁ ርገጡ። የላይኛውን ቁስል በጭቃ ለጥፉት። ውሃውን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ በሳምንት አንዴ ብቻ ስጡ።

እዚህ ላይ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁራጩ ቅጠል ያወጣል፤ ሰው ጸደቀ ብሎ ውሃውን ይተዋል ወይም በደስታ ያበዛዋል። ያ ቅጠል የወጣው ግን በእንጨቱ ውስጥ ካለው ስንቅ ነው፤ ሥር ገና የለም። ሥር መያዙ የሚታወቀው ቅጠሉ በሁለተኛው ወር ሳይጠወልግ አዲስ ለጋ ሲጨምር ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ከጠወለገ ሥር አልያዘም። ለማየት ብላችሁ አትነቅንቁት፤ የጀመረውን ስስ ሥር ትበጥሱታላችሁ።

ዛፉ ዝቅ ብሎ እንዲሞላ

ሽፈራው ካልተገረዘ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ቅጠሉም ከእጅ በላይ ይቀራል። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የጫፉን አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ቀንጥሱ። ከጎን የሚወጡት ቅርንጫፎች አንድ ስንዝር ሲሞሉ የእነሱንም ጫፍ ቀንጥሱ። የተቀነጠሰው ይበላል፤ ለጋ ስለሆነ ከሁሉ ይጣፍጣል።

የመጀመሪያው ትልቅ አጨዳ ግንዱ ጠንክሮ ዛፉ ከሰው ወገብ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ፣ ቅርንጫፎቹን በሹል መቀስ ወይም ማጭድ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ መቁረጥ ነው። ቅርንጫፍ መስበር ቅርፊቱን ይገፍፋል፣ በዚያ በኩል ብስባሴ ይገባል። በየተክሉ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተዉለት። ሃያውን በአንድ ቀን ከማጨድ በየሳምንቱ ሦስት አራቱን ማጨድ ለቤት ይመቻል።

በጋ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ ቶሎ ሞተ አትበሉ። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተጠምቶ አርፏል፤ ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ አልቋል፤ አረንጓዴ እስክታገኙ ድረስ ወደታች ቁረጡት። በክረምት ቢጫ ከሆነና የግንዱ ግርጌ ሲጫኑት ከለሰለሰ ግን ውሃ ተኝቶበታል፤ ቶሎ ቦይ ክፈቱለት። ቅጠሉ እንደ ድር በመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ከተበላ ውስጡ ትል አለ። ያንን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ ለምትበሉት ቅጠል መድኃኒት አትርጩ።

ትኩሱን ቅጠል ማብሰል

ቅጠሉን ከቅርንጫፉ በጣት ሸምጥጡ፤ ወፍራሙ አገዳ አይበስልም። ለአምስት ሰው 300 ግራም የተሸመጠጠ ቅጠል፣ ማለትም በሁለት እጅ አራት አምስት ጊዜ የተዘገነ፣ ይበቃል። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ፣ የታጠበውን ቅጠል ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጨምራችሁ ክደኑት። የሕንዱ በአምስት ደቂቃ ይበስላል፤ አለኮ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ጨው መጨረሻ ላይ። በጾም ጊዜ ከሽሮ ጎን የሚቀርብ ጥሩ አትክልት ነው።

መራራ ከሆነ ብዙ ሰው ቀቅሎ ውሃውን ይደፋል። መራራው ይወጣል፤ ከእሱ ጋር በውሃ የሚሟሟው ቫይታሚንም አብሮ ይፈስሳል። የሚሻለው ለጋውን ቅጠል ብቻ መልቀም፣ ወይም ግማሽ በግማሽ ከአበሻ ጎመን ጋር ማብሰል ነው። ሲበላ ሎሚ ቢጨመቅበት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል።

ማድረቅ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሽፈራው የሚበላሸው። በገበያ የሚታየው ቡናማ ዱቄት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ወይም ተከምሮ የሞቀ ቅጠል ነው። በትክክል የደረቀ ቅጠል አረንጓዴነቱን አይለቅም።

ለማድረቅ የሚታጨደው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ በእነዚያ ወራት ትኩሱን ብሉ። ጠዋት ጤዛው ከተነሳ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እጨዱ። ያጨዳችሁትን በጆንያ አትጠቅጥቁ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል በሰዓታት ውስጥ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይጠቁራል።

አሥር ኪሎ ቅርንጫፍ አጭዳችኋል እንበል። ሸምጥጣችሁ ቢጫውንና ትል የበላውን ስትለቅሙ ግማሽ ያህሉ፣ አምስት ኪሎ ገደማ ቅጠል ይቀራል። በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከዚያ በአሥር ሊትር ውሃ መቶ ግራም ጨው አሟሙታችሁ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆዩት፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ውሃው ጨርሶ እስኪንጠፈጠፍ በወንፊት ወይም በንጹሕ መረብ ላይ አድርጉ።

የማድረቂያው መደርደሪያ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የእንጨት ፍሬም ላይ አዲስ፣ በመድኃኒት ያልተነከረ ስስ መረብ ወጥሩ። የወባ አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ስለሆነ አይሆንም። በአንድ ፍሬም ላይ አንድ ኪሎ ቅጠል ብቻ በስሱ ይሰጣል፤ ለአምስት ኪሎ አምስት ፍሬም ማለት ነው። ፍሬሞቹን አንዱን ከሌላው ሁለት ስንዝር አራርቃችሁ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ፀሐይ በማይገባበት፣ ከምድጃ ጭስና ከዶሮ በራቀ ክፍል ውስጥ ደርድሩ። ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ክፍል ይጠፋል፣ ቀለሙም ይነጣል። መሬት ላይ በሸራ ማስጣትም አይሆንም፤ ከታች አየር ስለማያገኝ የታችኛው ይሻግታል፣ አቧራም ይገባል።

በቀን ሁለት ጊዜ እጃችሁን ታጥባችሁ አገላብጡ። በሸዋ ሮቢት በጋ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃዋል። ሲደርቅ በእጅ ሲጨብጡት ድምፅ እያሰማ ይደቃል፤ ከተጣጠፈ አልደረቀም። ሌላው ማረጋገጫ ሚዛን ነው። ትኩስ ቅጠል አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ ከአምስት ኪሎ የሚወጣው ደረቅ ቅጠል ከአንድ ኪሎ ትንሽ በላይ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ከመዘነ በእጅ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት አለ፤ አንድ ቀን ጨምሩለት። በአራተኛው ቀንም ካልደረቀና የሻጋታ ሽታ ከጀመረው ጣሉት፤ መልሶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ሻጋታው የተወውን መርዝ አያጠፋም።

መፍጨትና ማስቀመጥ

ለቤት የሚሆነውን በንጹሕ ሙቀጫ መውቀጥና በስስ ወንፊት መንፋት ይበቃል። ወፍጮ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ወፍጮው ከዚያ በፊት ምን ፈጭቶ እንደነበር ጠይቁ። በርበሬ የፈጨ ወፍጮ ሽፈራውን ያቃጥለዋል፣ ሽታውም አይወጣም። ጥቂት ቅጠል አስቀድማችሁ አስፈጭታችሁ ያንን ጣሉት።

ቅጠሉን ሳይፈጭ ማስቀመጥ የተሻለ ይቆያል፤ ለአንድ ወር የሚሆነውን ብቻ ፍጩ። ብርሃን በማያስገባ፣ በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃ በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። እንዲህ ከተያዘ ስድስት ወር ያህል በጥሩ ሁኔታ ይቆያል። ዱቄቱ መጓጎል ከጀመረ እርጥበት ስቧል። ሽታው ደህና ከሆነ በስሱ ዘርግታችሁ እጅ በሚችለው ሙቀት፣ ወደ 50 ዲግሪ፣ ለግማሽ ሰዓት አሙቁትና ሲበርድ መልሱ። ሽታው ከተለወጠ ግን አትብሉት። ከሻጭ ስትገዙም ይህንኑ እዩ፤ አረንጓዴ መሆኑን፣ እንደ ደረቅ ሳር መሽተቱን፣ በጣት ሲታሽ አለመጣበቁን።

ዱቄቱን በምግብ ውስጥ

ለአንድ ሰው በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሽሮው ሊወርድ ሲል፣ ወይም አጥሚቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ መጨመር ነው፤ ረጅም ጊዜ መቀቀል የቀረውን ቫይታሚን ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ሰው በግማሽ ማንኪያ ይጀምር፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ሆድ ያስቀምጣል። ሻይ ለማድረግ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በፈላ ውሃ ላይ ጨምሮ አምስት ደቂቃ ከድኖ ማጥለል ነው።

ቅጠሉ ምግብ ነው፤ ሥሩና የሥሩ ልጣጭ ግን መርዝነት ስላላቸው አይበሉም፣ አይቀቀሉም። ነፍሰ ጡር ሴት ከሥሩም ከቅርፊቱም ፈጽሞ መራቅ አለባት። ለስኳር፣ ለደም ግፊት ወይም ለደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዱቄቱን በየቀኑ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ቅጠሉ ስኳርንና ግፊትን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ሊያወርድ ይችላል፣ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የአንዳንድ ደም ማቅጠኛን ኃይል ይቀንሳል። ሽፈራው ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቆም አይገባም።